ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ

አንድ ሸበላ ለሒሳብ ሠራተኝነት ኢንተርቪው ሲገባ ክፍሉ ውስጥ የሚሆነውን ልንገራችሁ። ሦስቱም ጠያቂዎች ቀና ይላሉ። ወንበር ይሳብለታል፣ ውሃ ይቀርብለታል። ከእሱ በፊት ለገባችው፣ ሹራቧ ለነተበው ልጅ ውሃ ትዝ ያለው ሰው አልነበረም። እሷ ገና ሳትደላደል «የባንክ መግለጫውና የእኛ መዝገብ አልገጥም ቢል ምን ታደርጊያለሽ?» ተባለች። እሱ ግን «እስቲ ስለ ራስህ አጫውተን» ነው የተባለው።

ያው የባንኩ ጥያቄ ኋላ ለእሱም ደረሰ። ፈገግ ብሎ «እውነቱን ለመናገር እሱ ላይ ብዙም አልሠራሁም» አለ። ሰብሳቢው «ግልጽ ሰው» ብለው ጻፉ። ልጅቷ ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ ወጥተው ገና ያልተመነዘሩ ቼኮችን እንደምትለይ፣ ባንኩ የቆረጠውን የአገልግሎት ክፍያም እንደምትመዘግብ ተናግራለች። ለእሷ የተጻፈላት «ትጨናነቃለች» የሚል ነው።

አሁን የነጥብ መስጫውን ወረቀት እዩልኝ። ሸበላው በሙያ 9፣ በንግግር 9፣ በታማኝነት 9፣ ከሰው ጋር በመሥራት 9። ታማኝነት! በሃያ ደቂቃ ውስጥ ታማኝነቱ በምን ታወቀ? ከረባቱ ላይ ተጽፎ ካልሆነ በቀር።

እንዲህ ቁጥር ተደርድሮ ካያችሁ የተመዘነው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ሌላው ግልባጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ፣ የጦር መኮንኖች ለበታቾቻቸው የሰጡትን ነጥብ ሲመረምር ይህንኑ አገኘ። በቁመና ከፍ ያለ ነጥብ የተሰጠው በብልህነትም፣ በመሪነትም፣ በጠባይም አብሮ ከፍ ይላል። የሰው ልጅ ባሕርይ እንዲህ እጅ ለእጅ ተያይዞ እንደማይሄድ ጎረቤት ያለው ሁሉ ያውቃል።

የሚያስቸግረው ደግሞ ጠያቂዎቹ ሆን ብለው አለማድላታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ኒስቤትና ዊልሰን የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አንድን መምህር ሁለት ጊዜ ቀርጸው ለተማሪዎች አሳዩ፤ በአንዱ ሞቅ ያለ ሰው፣ በሌላው ቀዝቃዛ። ቀዝቃዛውን ያዩት ተማሪዎች መልኩንም፣ እንቅስቃሴውንም፣ የአነጋገር ቅላጼውንም ጠሉት። ከዚያ ይባስ ብለው ሰውየውን የጠሉት በቅላጼው ምክንያት ነው ብለው አመኑ። እና ጠያቂን «ለመልክ እንዳታዳላ» ብሎ መምከር የትም አያደርስም። «እኔ? በፍጹም!» ይላችኋል፣ ደግሞ እውነቱን ነው።

ስለዚህ ምክሩን ትተን ወረቀቱን እናስተካክል። መጀመሪያ፣ ማስታወቂያው ላይ ያለው «ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ» ይቅር፤ የተቀጠረ ሰው መታወቂያ ሲሠራለት ያመጣዋል። ቀጥሎ ከኢንተርቪው በፊት የግማሽ ሰዓት ፈተና ይሰጥ። አንድ ገጽ የባንክ መግለጫና አንድ ገጽ መዝገብ ይቅረብ፣ ውስጡ ሦስት ልዩነቶች ይደበቁበት። ወረቀቱ ላይ ከስም ይልቅ ቁጥር ይጻፍ፤ የሚያርመውም ተፈታኞቹን ያላየ ሰው ይሁን።

ኢንተርቪው ላይ መጋረጃ መጋረድ አይቻልም መቼም። ግን ጥያቄው ለሁሉም አንድ ዓይነት፣ ቅደም ተከተሉም አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር መልሱ ስንት እንደሚያወጣ ሰው ከመግባቱ በፊት መጻፉ ነው። ለባንኩ ጥያቄ «ለአለቃ እነግራለሁ» ብቻ ያለ 1 ያገኛል። ያልተመነዘሩ ቼኮችን የጠቀሰ 3። የባንክ ክፍያውንም መዝግቦ መዝገቡን እንደሚያስተካክል የተናገረ 5። በዚህ ሚዛን ልጅቷ 5 ናት። ሸበላው 1 ነው፣ እሱም በይሉኝታ።

ነጥቡ ደግሞ እያንዳንዱ ጥያቄ እንደተመለሰ ይሰጥ፤ ሰውየው ከወጣ በኋላ ከሆነ ወረቀቱን የሚሞላው ትዝታ ነው። ሦስቱ ጠያቂዎችም ሳይነጋገሩ ለየብቻ ይሙሉ። በእኛ አገር ሰብሳቢው «ልጁ ጥሩ ነው» ካሉ በኋላ ሌሎቹ ሁለቱ እስክሪብቶ የሚይዙት ለወጉ ነው። እሳቸው መጨረሻ ላይ ይናገሩ።

«ቁመና» የሚለው ዓምድስ? ለሒሳብ ክፍል ይሰረዝ። ለእንግዳ ተቀባይ ከሆነ የተፈለገው ነገር በግልጽ ይጻፍ፦ በሰዓቱ መጣ ወይ፣ ንጹሕ ለብሷል ወይ፣ የተቆጣ ደንበኛ ቢገባ ምን ይላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ዓይን ሥራውን አይተውም፣ በጣም ይቀንሳል እንጂ። ነጥቡ ተደምሮ ልጅቷ አንደኛ ከወጣች በኋላ አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ «ቢሆንም ልጁ ለድርጅቱ ገጽታ…» ማለቱ አይቀርም። አትከራከሩት። ነጥቡን የሚያስለውጠውን ምክንያት በጽሑፍ ያስፍርና ይፈርምበት በሉ። «መልከ መልካም ስለሆነ» ብሎ የፈረመ ሰው እስካሁን አላየሁም።