እሾህ የማይወጋው ኳድራት

ሸሚዙ ሳይቀደድ የደን ዳሰሳ አጠናቅቆ ለምሳ ኮምቦልቻ የሚደርስን ባለሙያ አለማድነቅ ንፉግነት ነው። ትራንሴክቱን፣ ማለትም ናሙና የሚወሰድበትን ቀጥ ያለ መስመር፣ የጎፍ ተራራን ወገብ ይዞ በሚዞረው የእግር መንገድ ላይ ይዘረጋዋል። ደንቡማ መስመሩ ከግርጌ ወደ ጫፍ ሽቅብ ይሂድ ይላል፤ ከፍታው ሲለወጥ እጽዋቱም ይለወጣልና። ሽቅብ ግን ላብ ያስወጣል።

ከዚህ የሚልቀው ግን ሽቅብ ወጥቶም የሚሸሸው ነው። መነሻውን በዕጣ ያወጣል፤ 37 ይወጣለታል። የመጀመሪያውን ኳድራት፣ አምስት በአምስት ሜትሩን የመቁጠሪያ ካሬ፣ 37ኛው ሜትር ላይ ያሳርፋል፤ ከዚያ በየመቶ ሜትሩ ይቀጥላል። እስከዚህ እንከን የለውም። 237ኛው ሜትር የአጋም ቁጥቋጦ መሃል ሲያርፍ ግን ጥበቡ ይገለጣል። ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል የተባለውን የናሙና አወሳሰድ መመሪያ አድርጎ፣ ካሬውን አሥር እርምጃ ወደ ገላጣው ያሸሻል። «እዚህ ይሻላል፤ ቦታውን በደንብ ይወክላል።»

አብሮ የወጣው እረኛ ጣልቃ ይገባል፦ «ጋሼ፣ የወይራው ቡቃያ ያለው እኮ አጋሙ ውስጥ ነው። ፍየል የማይደርስበት እሱ ብቻ ነው።» ይህ አይመዘገብም፤ ቅጹ ላይ ለእረኛ የሚሆን ሣጥን የለም።

ስሌቱን እንየው። ስድስት ኳድራቶች በዕጣው ባረፉበት ቢቆዩ፣ እሾህ ውስጥ የወደቁት ሦስቱ 4፣ 5 እና 6 የወይራ ቡቃያ፣ ገላጣ ላይ ያሉት ሦስቱ 0፣ 1 እና 0 ይሰጣሉ እንበል። በ150 ካሬ ሜትር 16 ቡቃያ፣ በሄክታር ከ1,000 በላይ ነው። ሦስቱ ወደ ገላጣው ሲሸሹ አንድ ቡቃያ ብቻ ቢያገኙ ድምሩ 2 ይሆናል፤ በሄክታር 133። ወይራ በአንድ ማለዳ ተመናመነ፤ መጥረቢያ እንኳን ይህን ያህል አይፈጥንም።

«ናሙናው አንሷል» ለሚል ተቺም መልስ አለ፦ ኳድራቱ መቶ ይደረግ! መቶውም እሾህ እየሸሹ ይቆጠራሉ፤ ስህተቱ ወደ አንድ ወገን ስለሆነ አይጣፋም፣ እንዲያውም 133 በጠባብ የስህተት ህዳግ ታጅቦ ይከበራል። ወፍራም ጃኬት ለብሶ መግባት፣ ፈጽሞ ካልተቻለም ካሬው በየት በኩል ስንት ሜትር እንደሚዛወር ከመውጣት በፊት ጽፎ መወሰን፣ የተዛወረውንም ምልክት ማድረግ፣ ለልብሳቸው ለማይሳሱ ሰዎች የተተወ ነው።

ሪፖርቱ ደግሞ ያምራል። «ወይራ ራሱን መተካት አቅቶታል» ይልና ችግኝ እንዲተከል ይመክራል። ለጉድጓድ ቁፋሮ እንዲያመችም በቅድሚያ የአጋም ቁጥቋጦው ይመንጠር ይላል።