አሥራ አራት ቢመጣስ?

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አራተኛ ዓመት እስክደርስ ድረስ ክፍል ውስጥ የተናገርኩት ቃል ሁሉ ቢሰበሰብ “አለሁ” ከምትለው አያልፍም ነበር፤ እሷንም ስም ሲጠራ። አንድ ቀን ድምፄ ስላልተሰማ ፊት ለፊት ተቀምጬ ቀሪ ተብዬ ተመዝግቤአለሁ። ላርመው አሰብኩና ለማረም መናገር እንደሚያስፈልግ ሲገባኝ ተውኩት።

የሒሳብ ተማሪ ሲመረቅ ሴሚናር ያቀርባል። ርዕስ ይመርጣል፣ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ያስረዳል፣ በመጨረሻም ጥያቄ ይቀበላል። የእኛ ክፍል ዲያቆን ባሕረ ሐሳብን መረጠ። ይህ ልጅ አንደበቱ ቅቤ ነው፤ የካፍቴሪያዋን አስተናጋጅ አባብሎ ሁለተኛ ጭልፋ ወጥ የሚያስጨምር ብቸኛው ሰው እሱ ነበር። እኔ ደግሞ የመጀመሪያውንም ጭልፋ የምቀበለው አንገቴን ደፍቼ ነው። ቅናት ይሁን ሌላ እንጃ፣ ብቻ አንድ ሳምንት ሙሉ ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ እሱን የሚጥል ጥያቄ ሳድን ከረምኩ። ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው የሚባለውን ሰምቻለሁ። እኔ ግን ውኃ እስኪወጣው ድረስ ቆፈርኩት።

የጥያቄውን ቃል በቃሌ ያዝኩ። ማታ ማታ ከላይኛው አልጋ ላይ ሆኜ ለጣሪያው አቀረብኩለት። ጣሪያው አንድም ጊዜ አልመለሰም፤ ይህም ልቤን ይበልጥ አሞቀው።

ቀኑ ደረሰና ዲያቆኑ ጠመኔውን አነሣ። የ2017 ዓ.ም.ን ፋሲካ እናውጣ አለ። በ2017 ላይ 5500 ሲደመር 7517 ይሆናል፤ ዓመተ ዓለም ነው። ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል። ዘመኑ ገና ስላላለቀ አንድ ይቀነስና 11 ይቀራል፤ ይህ ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ 121 ሲሆን ሠላሳ ሠላሳው ይገደፋል፤ የተረፈው 1 አበቅቴ ነው። ያው ወንበር በ19 ሲባዛ 209፣ ሠላሳ ሠላሳው ሲገደፍ 29፤ ይህ መጥቅዕ ነው። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በመስከረም ይውላል፣ ካነሰ በጥቅምት። ስለዚህ መስከረም 29፤ ቀኑ ረቡዕ ነው። ለየዕለቱ የሚደመረው ቁጥር ተውሳክ ይባላል፤ የረቡዕ ተውሳክ 4 ስለሆነ 29 እና 4 ተደምረው 33፣ ሠላሳው ሲገደፍ 3። መጥቅዕ በመስከረም ከዋለ ነነዌ በጥር ትገባ ነበር፤ ድምሩ ሠላሳን ስላለፈ ግን ወደ የካቲት ትሻገራለች። ጾመ ነነዌ የካቲት 3፣ ከዚያ 69 ቀን ቢቆጠር ፋሲካ ሚያዝያ 12። በዚያው ዓመት ዶሮ ያረደ ሁሉ ምስክር ነውና ተጨበጨበ።

የጥያቄ ሰዓት ሆነ። የሴሚናር ጠያቂ ዘሩ ብዙ ነው። አንዱ “ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው” ብሎ ተነሥቶ፣ ወጣቱ ቅርሱን መርሳቱን ለአሥር ደቂቃ አስረድቶ፣ “በዚህ ላይ ምን ትላለህ?” ሳይል ተቀመጠ። ሌላው ከአቅራቢው ጋር ተስማምቶ የመጣ ነው፤ ጥያቄው በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ ተሰጥቶታል። ይህ ወዳጃችን ወረቀቱን እስከ ታች አነበበው፤ “እዚህ ላይ ትንሽ አስበህ የተቸገርክ ምሰል” የሚለውን ጭምር። ዲያቆኑ ግን ሳይቸገር መለሰለት።

ከዚያ እጄ ተነሣ። እኔ አላነሣሁትም፤ ራሱ ተነሣ። ክፍሉ ዞሮ አየኝ። አንዷ “ይህ ልጅ የእኛ ክፍል ነው?” ስትል ሰማሁ።

የመጀመሪያዋ ጥያቄዬ በ11 ለምን ይባዛል የምትል ነበረች። ድምፄ የትንኝ ያህል ወጣ። ዲያቆኑ ደስ ብሎት መለሰ፤ ጨረቃ አሥራ ሁለት ጊዜ ስትዞር 354 ቀን ገደማ ነው፣ የፀሐይ ዓመት 365 ነው፣ ጨረቃ በየዓመቱ በ11 ቀን ወደ ኋላ ትቀራለች፤ አበቅቴ ያንን ጉድለት ይቆጥራል። አንገቴን ነቀነቅሁ። ይህቺ ማዘናጊያ ነበረች።

ሁለተኛዋን ወረወርኳት። “መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ መስከረም፣ ካነሰ ጥቅምት ብለኸናል። ልክ 14 ቢመጣስ?”

ዝም አለ። ያ አንደበት ሲዘጋ አየሁ። ደስታዬን ለመደበቅ ደብተሬን ተመለከትሁ። እሱ ግን ጠያቂዎች ሁሉ ያልጠበቁትን፣ በሴሚናር ታሪካችን ሰምቼው የማላውቀውን ቃል ተናገረ።

“አላውቅም።”

መምህርታችን መነጽራቸውን አውልቀው ወደ እኔ ዞሩ። “ጥሩ ጥያቄ ነው። አንተስ ሞክረኸዋል?”

ሳምንት ሙሉ ጥያቄውን ለጣሪያው ሳነበንብ ነበር። በወረቀት ላይ አንድ ጊዜም አልሞከርኩትም። “አልሞከርኩም” አልኩ፤ ይህኛው ድምፅ ከትንኝም አነሰ።

“ወንድሜ፣ ና እስቲ አብረን እንቁጠረው” አለኝ ዲያቆኑና ጠመኔውን ዘረጋልኝ። ከመቀመጫዬ እስከ ሰሌዳው ሰባት እርምጃ ነው፤ የሄድኩት በየትኛው እግሬ እንደሆነ አላስታውስም።

ወንበር ለ19 ተካፍሎ ከተረፈው የሚወጣ ስለሆነ ከ0 እስከ 18 ብቻ ነው። እሱ ይጠራል፣ እኔ እጽፋለሁ። በየተራው 19 እየደመርን ሠላሳን ስናልፍ እንገድፋለን። ወንበር ዜሮ ሲሆን መጥቅዕ 30 ይባላል አለኝ፤ በ2006 ዓ.ም. የሆነው ይኸው ነው። ከዚያ 19፣ 8፣ 27፣ 16፣ 5፣ 24። ቀጥሎ 13 ሲመጣ ክፍሉ ተንሾካሾከ፤ በአንድ ስታ ነዋ። ከዚያ 2፣ 21፣ 10፣ 29፣ 18፣ 7፣ 26። ቀጥሎ 15። ከፊት ረድፍ አንዱ “ዘለለው!” ብሎ እንደ ኳስ ተመልካች ጮኸ። የቀሩት 4፣ 23፣ 12 ነበሩ። አለቀ። 14 የለም።

ሰሌዳውን እያየሁ ቆየሁ። ቁጥሩ ራሱ አሥራ ዘጠኝ ብቻ ነው፤ ሠላሳ ቦታ ላይ ሲበተን አሥራ አንዱ ባዶ ይቀራል፤ 14 ከባዶዎቹ አንዱ ነው። 14ን ለማግኘት ወንበር 26 መሆን ነበረበት አልኩ ሳላስበው፤ በአእምሮዬ እያባዛሁ ነበር። 26 በ19 ሲባዛ 494፣ ሠላሳ ሠላሳው ሲገደፍ 14። ወንበር ግን ከ18 አያልፍም። ዲያቆኑ ጭንቅላቱን ያዘ። “ታዲያ አጥሩን የተከሉት ማንም በማይረግጠው ቦታ ላይ ነዋ! ስንት ዓመት በቃሌ ስደግመው አንድ ቀን ልብ አላልኩትም።”

ሰሌዳው ፊት እየተናገርኩ መሆኔን ያወቅኩት ከዚህ በኋላ ነው። ወዲያው አፌ ተዘጋ፤ ጠመኔውን ኪሴ ከትቼ ወደ ቦታዬ ሮጥኩ። ሱሪዬ እስከ ዛሬ ነጭ ምልክት አለበት።

የእኔ ሴሚናር ከሦስት ሳምንት በኋላ ነበር። በዋዜማው ማታ ዲያቆኑ መኝታ ክፍላችን መጥቶ ከአልጋዬ ሥር ቆመ። በእጁ ማስታወሻ ደብተር ይዟል።

“ርዕስህን አነበብኩት” አለኝ። “ሦስት ጥያቄ አለኝ። ሁለቱን ሞክሬአቸዋለሁ፣ ሦስተኛው እምቢ ብሎኛል። ትወርዳለህ ወይስ ልውጣ?”

ወረድኩ።