ማስተካከያ፦ የከተማ ኬክሮስና ኬንትሮስ የት ላይ ያርፋል?

«ለከተማ የሚሰጠው ኬክሮስና ኬንትሮስ የከተማው ትክክለኛ መሃል ነው?»

ባለፈው «አዎ፣ የወሰኑ መካከል ነው» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ። ቁጥሩ የሚያሳየው አንድ ነጥብ ብቻ ነው፣ ነጥቡን ደግሞ ሰው ነው የሚመርጠው፤ አንዳንዱ ማዘጋጃ ቤቱን፣ አንዳንዱ ዋናውን አደባባይ ይወስዳል፣ የወሰኑን መካከል በስሌት የሚያወጣም አለ።

ለንደንን እንይ። ብዙ ጊዜ የሚሰጣት 51.507 ሰሜን፣ 0.128 ምዕራብ ነው። ይሄ ቻሪንግ ክሮስ አካባቢ ያርፋል፤ የቀዳማዊ ቻርልስ ሐውልት የቆመበት፣ ወደ ለንደን ያለው ርቀት በልማድ የሚለካበት ቦታ። ዜሮ ኬንትሮስ የሚያልፍበት ግሪኒችም እዚያው ለንደን ውስጥ ነው፣ ግን መስመሩ ከዚህ ነጥብ በስተምሥራቅ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ስለዚህ ሁለት ምንጮች በኬክሮስ 0.01 ዲግሪ ቢለያዩ አትደንግጡ፤ ልዩነቱ 1.1 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ምናልባት የመረጡት አደባባይ ይለያይ ይሆናል።