ረጅሙ ጭረት ያስፈርዳል?

«ጽሑፍ ላይ ረጅም ጭረት፣ ድርብ ሰረዝና ሁለት ነጥብ ከሰረዝ ከበዛ የማሽን ነው ማለት ይቻላል?»

አርታኢው፣ ከባሕር ዳር

ጭረት ለብቻው አያስፈርድም። ያስጠረጥራል ግን። ሰሞኑን ለጎብኚ የሚታደል ወረቀት እንዳርም ተሰጠኝ። እንዲህ ይላል።

«ዘጌ — በጀልባም የሚደረስበት ባሕረ ገብ መሬት — በቡናው ይታወቃል፤ ገዳማቱ ጥንታዊ ናቸው፤ ጎብኚ ይበዛባቸዋል።»

አማርኛ ገላጩን ከስሙ በፊት ያስቀምጣል። «በጀልባም የሚደረስበት የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት በቡናው ይታወቃል» ብዬ ሳቃናው ሁለቱም ጭረቶች ረገፉ። እንግሊዝኛ እንዲህ ያለውን ማብራሪያ ከስሙ ኋላ ስለሚያመጣ ጭረቱ እዚያ ሥራ አለው። እዚህ ግን ባዕድ ነው።

ድርብ ሰረዙ ይባስ። ጥንታዊነቱና የጎብኚው ብዛት ምን ያገናኛቸዋል? ወረቀቱ አይናገርም። «ገዳማቱ ጥንታዊ ስለሆኑ ጎብኚ ይበዛባቸዋል» ስንል ግንኙነቱን «ስለሆኑ» ይሸከመዋል። ምልክቱ የተቀመጠው ይህቺን ቃል ለመዝለል ነው።

አስጎብኚዋ

ጋሼ፣ እኔ ላይ ስለደረሰ ነው የምናደደው። ለእንግዶች የላክሁትን መግለጫ አይተው «ማሽን ነው የጻፈልሽ» አሉኝ። ማስረጃቸው አንዲት ጭረት! ወርድ ላይ ሁለት አጭር ጭረት ስጽፍ ራሱ አገናኝቶ ያስረዝመዋል እኮ። ደግሞ ድርብ ሰረዝ የራሳችን ነው። የመጽሐፍ ቅዱሱን አማርኛ ይክፈቱ፣ ሞልቶበታል። ለማሽን እናስረክበው?

አርታኢው

ማን አስረክቢ አለሽ? ረጅም ዓረፍተ ነገር ውስጥ፣ ነጠላ ሰረዝ የበዛባቸውን ክፍሎች ለመለየት፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። አንዲት ጭረት አይቶ የፈረደብሽ ሰው ቸኩሏል። እኔን የሚያስጠረጥረኝ ድግግሞሹ ነው። በየአንቀጹ ጭረት፣ በየመስመሩ ድርብ ሰረዝ፣ ከዚያ «ምክንያቱ ግልጽ ነው፦» የሚል ማስጎምጀት። ዝርዝር ወይም የሰው ንግግር ሲከተል ሁለት ነጥብ ከሰረዝ ደግ ነው። ለማስጎምጀት ከሆነ አጠፋዋለሁ። ጮክ ብለሽ አንብቢው። ድምፅሽ ካረፈ አራት ነጥብ አድርጊበት። ካላረፈ «ስለ»፣ «ግን» ወይም «ሲሆን» ጎድሏል ማለት ነው።

አስጎብኚዋ

«ስለሆኑ» የምትለዋን ወስጃታለሁ፣ እውነት ነው። ግን ማሽኑም ጭረቱን አውጣ ሲሉት ያወጣል። ያኔ በምን ሊለዩት ነው?

አርታኢው

ያኔ በምልክት አልለየውም። ይዘቱን ነው የማየው። ጀልባው ከየት ይነሳል? ስንት ሰዓት ይመለሳል? ያ ወረቀት አንዱንም አይልም።

አስጎብኚዋ

የእኔ ሁለቱንም ይላል። ጭረቷንም አላወጣኋትም።