ክብር ለ«በጣም»

በጅማ ትምህርት ቤቶች ድርሰት በተጻፈ ቁጥር ከተማሪው ቀድሞ ወረቀቱ ላይ የሚሰየም አንድ ትጉህ ሠራተኛ አለ። ስሙ «በጣም» ይባላል። እስካሁን አንድም የምስጋና ወረቀት አለማግኘቱ ያሳፍራል። ከየትኛውም ቅጽል ፊት ቁም ቢሉት ይቆማል፤ ለምን ብሎ አይጠይቅም። «ሁለት ገጽ ጻፉ» ለተባለ ተማሪ ደግሞ በየዓረፍተ ነገሩ ጣል ቢያደርገው ጥቂት መስመር በነጻ ይሞላለታል። ቁጭ ብሎ ከማሰብ ይሄ አይሻልም?

«ከተማዬ» በሚል ርዕስ የሚጻፈውን አንቀጽ እንይ፦ «ጅማ በጣም ቆንጆ ከተማ ናት። ዝናቧ በጣም ብዙ ነው። ክረምት ላይ መንገዱ በጣም ጭቃ ነው። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በጣም ትልቅና በጣም አሮጌ ነው። ቡናችንም በጣም ጥሩ ነው።» በ5 ዓረፍተ ነገር 6 «በጣም»! ቁጠባውም የሚደነቅ ነው፤ ጅማን ፍቆ መቱ፣ ቤተ መንግሥቱን ፍቆ ገበያ ቢያስገቡበት አንቀጹ ለሚቀጥለው ፈተና ያገለግላል።

ምቀኛ ግን አይጠፋም። አንዳንድ የአማርኛ መምህራን ቀይ እስክሪብቶ ይዘው «በጣም»ን ሁሉ ያከብባሉ። ቀጥለው ዓረፍተ ነገሩን ያለ እሱ ጮክ ብለህ አንብብ ይላሉ። ምንም ካልጎደለ እንደ ወጣ ይቀራል። የጎደለ ነገር ካለ ደግሞ «ምኑ ነው የበዛው?» የሚል ነገረኛ ጥያቄ ያመጣሉ። የተንኮሉ ሥር እዚህ ላይ ነው።

ዝናቡን ውሰዱ። «በጣም ብዙ» ሲባል ሁላችንም ተስማምተን ነበር። ጥያቄው ሲመጣ ግን ሁለት ዝናብ ሆኖ ተገኘ፤ አንዱ ጉልበቱ የበረታ፣ ሌላው ቀኑን ሙሉ የማያቆም። የመጀመሪያው ዶፍ ነው፣ ሁለተኛው የማያባራ ዝናብ ነው። ካፊያም እኮ ሳያባራ ሊውል ይችላል፤ ያን ዶፍ ቢሉት ውሸት ነው። ተማሪው እንግዲህ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ሊኖርበት ነው። ይህ በደል አይደለም?

ጭቃውም አልተረፈም። እግር የሚውጠውን «ማጥ» በሉት ይላሉ፤ አንድ ቃል፣ ያለ አጃቢ። ከተማዋ «ለምለም» ስትባል አረንጓዴነቷ ይታያል፤ «በጣም ቆንጆ» ግን ለሙሽራም ለጫማም ይሆን ነበር። ቤተ መንግሥቱ «ጥንታዊ» ይሁን ተባለ፤ «አሮጌ» የሚጣል ዕቃ ያስመስለዋልና። «ትልቅ» የሚለውን አንዱ «ግዙፍ» ብሎ ሊተካ ሲል ጅሬን ያለው ይህ ቤተ መንግሥት የእንጨት ፎቅ እንጂ የድንጋይ ምሽግ አይደለም ብለው ከለከሉት፤ «ባለ ፎቅ» ይበቃል። ቡናው ላይ ሲደርሱማ ሽታው ነው ጥሩ ወይስ ትኩስነቱ ብለው አፋጠጡ። ሽታው ከሆነ «የሚያውድ»፣ ትኩስነቱ ከሆነ «የሚፋጅ»። «በጣም ጥሩ» ሁለቱንም ችሎ ይኖር ነበር፤ ምስኪን።

ግሥ ላይም ዘምተዋል። በጣም የሳቀው ተንከተከተ፣ በጣም ያለቀሰው ተንሰቀሰቀ፣ በጣም የተናደደው በገነ፣ ዝናብ በጣም ያረጠበው በሰበሰ።

ደግነቱ የ«በጣም» ወዳጆች እጅ አልሰጡም። የቃላት ዝርዝር በቃላቸው ሸምድደው ያገኙት ቦታ ሁሉ ይለጥፋሉ። ለስኒ «ግዙፍ»፣ ለጥቁር ሻይ «ድቅድቅ» ይሰጣሉ፤ ድቅድቅ ከጨለማ ሌላ ወዳጅ እንደሌላት ማን ይንገራቸው! አንዷ «እህቴ በጣም ቀጭን ናት» ከማለት «ቀጫጫ ናት» ብትል ቋንቋዋ ጠነከረ፤ እህቷ ግን ተሰደበች፤ ቃሉ ልክ ብቻ ሳይሆን ንቀትም ይዞ ይመጣልና። ከሁሉም የማደንቀው ግን «በጣም ግዙፍ» ብሎ የጻፈውን ነው። አዲሱን ቀጥሮ አሮጌውን አላባረረም፤ ሥራ አጥነትን የሚታገል ልጅ ነው።

ምቀኞቹ ራሳቸው የማይነኩት አንድ ቦታ አለ። «ጅሬን በጣም አይርቅም» የሚለው ላይ ቀይ እስክሪብቶው ይቆማል። «በጣም» ከወጣ ጅሬን እዚሁ አጠገብ ነው ማለት ይሆናል፤ ከገባ ግን ይርቃል፣ ቢሆንም ይደረሳል። አሉታ ባለበት ዓረፍተ ነገር ልኩን የሚይዘው እሱ ስለሆነ «ግዙፍ»ም ሆነ «ዶፍ» አይተኩትም። እዚያ እንጀራውን ሠርቶ ይበላል። ወዳጆቹ ግን ወደዚያ ሥራ እምብዛም አይልኩትም፤ «በጣም በጣም ቆንጆ» ላይ ድርብ ፈረቃ ተመድቦበታል።