ስሙን ላለመጥራት የሚደረግ ተጋድሎ

በአጫጭር ቪዲዮዎች ሥር መግለጫ የሚጽፉ ወገኖቻችን የሚገባቸውን ምስጋና እስካሁን አላገኙም። ምስጢር አጠባበቃቸው ብቻ ሜዳሊያ ያሸልማል።

አንዲት ባለሙያ አዲስ ምጣድ ስታሟሽ ታሳያለች። የተወቀጠ ጎመን ዘር በጋለው ሸክላ ላይ ትበትናለች፤ ዘይቱ ሰርጎ ምጣዱ እስኪጠቁርና እስኪያብረቀርቅ ድረስ በጨርቅ ደጋግማ ታሸዋለች። ከሥሩ የተጻፈው ምንድን ነው? «ጉድ ነው! ሳታዩ እንዳታልፉ!» ቀጥሎ #fyp እና #foryou፤ ከዚያም ምጣድ ነክተው የማያውቁ የሁለት ዘፋኞች ስም። ምጣድ የሚል ቃል የለም፤ እንጀራም የለም። ጨዋነት ማለት ይህ ነው!

በዚያው ሰዓት አንዲት ሙሽራ እንጀራዋ ተቀዳዶባት፣ ሊጥ በነካው ጣቷ «እንጀራ ምጣድ ላይ ሲጣበቅ» ብላ ትፈልጋለች። ትፈልጋ! ከመግለጫ ጸሐፊዎቹ መካከል ለዘብ ያሉት «የምጣድ አሟሟሽ» ብለው ይጽፋሉ፤ እርሱም ቢሆን አስተማማኝ መደበቂያ ነው። ሙሽራዋ የምታውቀው ችግሯን እንጂ የመድኃኒቱን ስም አይደለም፤ ማሟሸት የሚለውን ቃል ብታውቅ ኖሮ ምጣዱንም ባሟሸችው ነበር።

እርግጥ፣ ምስጢር የማያውቁ ጥቂት ሰዎች አሉ። መፈለጊያው ሳጥን ውስጥ «እንጀራ ምጣድ» ብለው ይጽፉና ሳያስገቡ ቆም ይላሉ። ሳጥኑ ራሱ ሰው የሚፈልገውን ሐረግ ይዘረዝርላቸዋል። የራሳቸው ስልክ የራሳቸውን ልማድ እንዳያሳያቸው ብለው የሰው ስልክ እስከ መዋስ ይደርሳሉ። ከቪዲዮው ጋር የሚገጥመውን ሐረግ እንዳለ ወስደው የመግለጫው መጀመሪያ ላይ ያኖሩታል፤ የቀረው «ተጨማሪ» ካልተነካ አይታይምና። በላቲን ፊደል የሚፈልግም አለ ብለው injera mitad የሚለውን ከታች ይጨምራሉ። በሳምንቱ ደግሞ የዩቲዩብ ስቱዲዮን ከፍተው፣ ተመልካች በፍለጋ የመጣው ምን ብሎ ጽፎ እንደሆነ ያነባሉ። የሰው ጓዳ ማዳመጥ ካልሆነ ይህ ምን ይባላል?

ሐረጉን አግኝተው በጭፈራ ቪዲዮ ላይ የሚለጥፉት ግን ክብር ይገባቸዋል። ሙሽራዋ ትመጣለች፤ እስክስታውን ታያለች፤ ወዲያው ትወጣለች። ቪዲዮው ለፈላጊው እንደማይረባ ለማሽኑ የሚነግረውም ያ ቶሎ መውጣት ነው። ቢሆንም መጥታለች፤ እንግዳ መቀበል ባህላችን ነው።

ባለሙያዋስ? የተመልካቹን ምንጭ ብትመለከት በፍለጋ የመጣ አንድም ሰው የለም። ምክንያቱ ወዲያው ገባት፤ «ሕዝባችን ባህሉን ረስቷል» አለች። ከዚያ ስለ ሊጥ አቡካክ የሠራችውን አዲስ ቪዲዮ ለቀቀች፤ ሥሩም «ጉድ ነው! ክፍል ሁለት» ይላል።