የሁለት ቋንቋ የሠርግ ካርድ፦ አማርኛው ለብቻው ይቁም

«አማርኛውን ከላይ፣ እንግሊዝኛውን ከሥሩ፣ መስመር በመስመር አድርጉልን።» አራት ኪሎ አካባቢ ካርድ የሚያሳትሙ ቤተሰቦች እንዲህ ሲያዝዙ እሰማለሁ። እኔ እቃወማለሁ።

ምክንያቱ የዓረፍተ ነገሩ አሠራር ነው። የአማርኛው ጥሪ ከወላጆች ስም ተነሥቶ ሙሽሮቹን፣ ቀኑንና ቦታውን ካዳረሰ በኋላ በግሡ ይዘጋል። በእንግሊዝኛው ግን «ይጋብዛሉ» የሚለው ቃል ከወላጆች ስም ቀጥሎ ይመጣል። ሁለቱን መስመር በመስመር ካጣመሩ ወይ አንዱ ይጣመማል፣ ወይ ቀን ከስም ጋር ይገጥማል። ስለዚህ ታጣፊ ካርድ ይመረጥ፤ ሲከፈት በግራው ገጽ አማርኛው፣ በቀኙ እንግሊዝኛው፣ እያንዳንዱ በራሱ ሥርዓት ይቀመጥ። ጌጠኛ የእንግሊዝኛ ቅርጽን ለማስመሰል የግዕዙን ፊደል ማዝመምም አያስፈልግም።

አማርኛው እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

«አቶ እገሌ እና ወይዘሮ እገሊት፣ ልጃቸው ወይዘሪት እገሊት ከአቶ እገሌ ጋር የሚፈጽሙትን ጋብቻ ምክንያት በማድረግ፣ እሑድ ጥር 17 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 6:30 ሰዓት ጀምሮ በእገሌ አዳራሽ ባዘጋጁት የምሳ ግብዣ ላይ እንዲገኙላቸው በአክብሮት ይጋብዙዎታል።»

«አቶ እገሌ እና ወይዘሮ እገሊት» ብሎ ጀምሮ «ጋብዘንዎታል» ብሎ የሚጨርስ ካርድ ብዙ ነው። በሦስተኛ መደብ የጀመረ በሦስተኛ መደብ ይጨርስ፤ «እኛ» ማለት የፈለገ «ልጃችን» ብሎ ይነሣ።

ከባዱ ስሕተት ግን ያለው በቀኝ ገጽ ነው። ይህ ቀን በእንግሊዝኛው እሑድ ጃንዋሪ 25 ቀን 2026 ነው፤ ሰዓቱም 12:30 ከቀትር በኋላ። ቁጥሩን እንዳለ ገልብጦ 6:30 የጻፈ ሰው፣ ከውጭ የመጣው እንግዳ አመሻሹ ላይ ምሳው አልቆ እንዲደርስ አደረገው ማለት ነው። ዓመቱም ያሳስታል። ለጥር ሠርግ 8 ዓመት ይጨመራል፤ ሠርጉ በኅዳር ቢሆን ኖሮ የሚጨመረው 7 ነበር፣ ኅዳር 2018 በ2025 ውስጥ ነውና። የዕለቱን ስም በሁለቱም ገጽ መጻፍ ጥሩ መቆጣጠሪያ ነው፤ በስልክ የቀን መቁጠሪያ ላይ ጃንዋሪ 25 እሑድ ላይ ካልዋለ አንዱ ቁጥር ተሳስቷል።

የወላጆች ስም ላይም አንድ ነገር ልጨምር። በእንግሊዝኛው ወግ ባልና ሚስት በባል ስም ብቻ ይጠሩ ይሆናል። እኛ ዘንድ ሚስት የአባቷን ስም ይዛ ትኖራለች፤ ያንን ወግ የገለበጠ ካርድ እናትን ከራሷ ልጅ ጥሪ ላይ ይሰርዛታል። የሁለቱም ስም ከነአባታቸው በላቲን ፊደል ይጻፍ፣ «አቶ» እና «ወይዘሮ»ም አይቀየሩ። የሙሽሮቹ አጻጻፍ ከፓስፖርታቸው ጋር ይመሳከር። የስልክ ቁጥሩም በቀኙ ገጽ በ+251 ይጀምር፣ መነሻው ዜሮ ይውጣ።